ዶሮዋ ባትጥልም ትበላለች

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ይህን ጽሑፍ ትንሽ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ቡና አፍሉና አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ ቤቴ መጣ። በእጁ 23 ገጽ የሆነ፣ በጥሩ ወረቀት የታተመና የተጠረዘ ቢዝነስ ፕላን ይዟል። ርዕሱ «የ500 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እርባታ ፕሮጀክት» ይላል። ፕላኑን ያሠራው ገንዘብ ከፍሎ ነው። ለብድሩ ማስያዣ የሚሆነው የእናቱ ቤት ነው። «ቲቸር፣ አንድ ጊዜ ዓይንዎን ጣል ያድርጉበት፣ ሰኞ ላስገባው ነው» አለኝ።

ዓይኔን ጣል አደረግሁ። የመጀመሪያዎቹ 14 ገጾች ስለ ዶሮ እርባታ ጥቅም፣ ስለ ፕሮቲን፣ ስለ ሥራ ዕድል ፈጠራ ነው የሚያወሩት። እነሱን ዘለልኳቸው፤ ባንኩም ይዘላቸዋል። ገጽ 17 ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ብሬክ-ኢቭን ነጥብ፦ በቀን 47 እንቁላል» ይላል።

500 ዶሮ ይዘህ በቀን 47 እንቁላል ካገኘህ አትከስርም ማለት ነው እንግዲህ! ከአሥር ዶሮ አንዷ ብቻ ብትጥል ይበቃል፣ ዘጠኙ ተኝተው ይዋሉ።

«ይህን ቁጥር አምነኸዋል?» አልኩት።

«ፎርሙላው እኮ እርስዎ ያስተማሩን ነው ቲቸር» አለኝ።

ልክ ነው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ለዚህ ነው ንዴቴ ግማሹ በራሴ ላይ የሆነው። ቋሚ ወጪን ለአንድ ምርት ከሚገኘው ልዩነት፣ ማለትም ዋጋ ሲቀነስ ተለዋዋጭ ወጪ፣ ማካፈል። ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ምሳሌዬ ሁልጊዜ ዳቦ ቤት ነበር፤ ለዳቦ ቤት ደግሞ በትክክል ይሠራል። ዳቦ ካልጋገርክ ዱቄቱ ጆንያው ውስጥ ይቀመጥልሃል። ዱቄት ተለዋዋጭ ወጪ የሚባለው ከዳቦው ቁጥር ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው።

የፕላኑ ሠሪ የዳቦ ቤቱን ፎርሙላ ወስዶ ዶሮ ቤት ገባበት። ስሌቱን እንዳለ ላሳያችሁ። (ዋጋዎቹ የዚያ ፕላን ዋጋዎች ናቸው፤ እናንተ የሰፈራችሁን አስገቡ። ዋጋ ይቀያየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።) መኖ በኪሎ 45 ብር፣ ማለትም ኩንታሉ 4,500 ብር ነው። አንድ ዶሮ በቀን 120 ግራም ትበላለች፤ ከሚባክነው ጋር ትክክለኛ ግምት ነው። ስለዚህ የአንድ ዶሮ የቀን መኖ 5 ብር ከ40 ሳንቲም። ሰውየው እያንዳንዷ ዶሮ በየቀኑ አንድ እንቁላል እንደምትጥል ገመተና «የአንድ እንቁላል ተለዋዋጭ ወጪ 5.40» ብሎ ጻፈ። እንቁላሉን 15 ብር ሸጠው። ልዩነቱ 9.60 ሆነ። ቋሚ ወጪ ያለው የሠራተኛ ደመወዝ፣ ኪራይና ጥቃቅን ነገር ተደምሮ በወር 13,500 ብር ነው። 13,500ን ለ9.60 ሲያካፍል በወር 1,406 እንቁላል መጣለት፣ በቀን 47።

እስቲ በዚያ ቀን ዶሮ ቤቱ ውስጥ እንቁም። 47 እንቁላል ተለቀመ፣ በ15 ብር 705 ብር ነው። 500 ዶሮዎች ደግሞ በዚያው ቀን 60 ኪሎ መኖ በሉ፣ 2,700 ብር። ገና ደመወዝ ሳይከፈል ወደ 2,000 ብር ተከስሯል። ይሄ ነው «አትከስርም» የተባለበት ነጥብ!

ነገሩ ይሄው ነው። ዶሮዋ ባትጥልም ትበላለች። ላባዋን ስትቀይርም ትበላለች፣ ከክትባት በኋላ ስትቀዘቅዝም ትበላለች፣ ገና ቄብ ሆና እንቁላል ምን እንደሆነ ሳታውቅም ትበላለች። መኖ ከእንቁላል ቁጥር ጋር አይወርድም፤ ከዶሮ ቁጥር ጋር ነው የታሰረው። ዶሮዎቹን ቤት ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ፣ በእንቁላል በኩል ሲታይ፣ መኖ ቋሚ ወጪ ነው ማለት ይቻላል። ትልቁን ወጪ ከቋሚው ወደ ተለዋዋጩ ረድፍ ማዛወር ብቻ አንድን ከሳሪ ሥራ በወረቀት ላይ ወርቅ ያደርገዋል።

(አትክልትም ላይ ያው ነው። ቲማቲም የተከለ ሰው ዘሩን፣ ማዳበሪያውን፣ የፓምፑን ነዳጅ፣ የርጭቱን መድኃኒት የሚከፍለው አንድ ሣጥን ሳይለቀም ነው። ለቲማቲም የሚጠየቀው «ስንት ሣጥን ብሸጥ አልከስርም» ብቻ መሆን የለበትም። «ወጪው ሁሉ ለሚሸጠው ሣጥን ሲካፈል፣ ዋጋው ከስንት በታች ከወረደ ልቀማውን ልተው» የሚለው ይበልጣል። እሱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ።)

ታዲያ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ብሬክ-ኢቭን በምን ይለካ? እኔ የምለው በመጣል መጠን ይለካ ነው፤ በሕይወት ካሉት ዶሮዎች መካከል በዚያ ቀን ከመቶ ስንቱ ጣሉ። ይህ ቁጥር ጥሩ የሚሆነው ማንም ሰው በየቀኑ ማታ በደብተር ሊያየው ስለሚችል ነው። በየዕለቱ ከእውነታው ጋር ማስተያየት የማትችሉት ብሬክ-ኢቭን ለባንክ ፎርም እንጂ ለእናንተ አይጠቅምም።

ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና ሠራነው። ወረቀቱ ላይ ያልነበሩ ሦስት ነገሮች መጨመር ነበረባቸው።

አንደኛው የዶሮዋ ራሷ ዋጋ ነው። ፕላኑ ቄቦቹን «የመነሻ ካፒታል» ብሎ አንድ ጊዜ ከጻፋቸው በኋላ ዞር ብሎም አላያቸውም፣ እንደ መሬት ለዘላለም የሚኖሩ ይመስል። ዶሮ ግን ታልቃለች። የ16 ሳምንት ቄብ በ650 ብር ሲገዛ፣ 500ው 325,000 ብር ነው። መጣል እስኪጀምሩ አንድ ወር ያህል አለ፤ የዚያ ወር መኖ 57,000፣ የዚያ ወር ሌላ ወጪ ደግሞ 16,000 ብር። ድምሩ 398,000። ከዚያ 400 ቀን ያህል ይጥላሉ። በስተመጨረሻ ያረጁትን ዶሮዎች ስትሸጡ፣ 40ው በመንገድ ሞተውባችሁ ቢሆን (8 ከመቶ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም፤ ፕላኑ ላይ ግን አንድም ዶሮ አትሞትም!)፣ 460ውን በ400 ብር ሸጣችሁ 184,000 ታገኛላችሁ። ልዩነቱ 214,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ ከእንቁላሉ መመለስ አለበት፣ ለ400 ቀን ሲካፈል በቀን 535 ብር።

ሁለተኛው የቤቱና የዕቃው እርጅና ነው። ለቤቱ፣ ለመመገቢያውና ለመጠጫው 180,000 ብር ወጥቷል፤ አምስት ዓመት ቢያገለግል በወር 3,000 ነው። ሠራተኛ 5,000፣ ኪራይ 4,000፣ ክትባት፣ መድኃኒት፣ ሰጋቱራ፣ መብራትና ትራንስፖርት 4,000። በወር 16,000 ሆነ፣ በቀን 533 ብር።

ሦስተኛው የማይሸጠው እንቁላል ነው። የሚሰበር፣ የሚሰነጠቅ፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ትንንሽ የሆነ። ከመቶ ሦስት አልን። ዋጋውንም ከ15 ወደ 13 አወረድነው፤ ምክንያቱም 15 ብር ሱቅ ላይ የሚሸጥበት ነው፣ ባለሱቁ ከናንተ የሚቀበልበት አይደለም። የሱቅ ዋጋ ጠይቆ የገበሬ ገቢ መጻፍ የተለመደ በሽታ ነው።

አሁን ደምሩ። በዘመኑ ሁሉ በአማካይ 480 ዶሮ በሕይወት አለ እንበል። መኖ በቀን 2,592፣ የዶሮዎቹ ማለቅ 535፣ ሌላው 533፣ ድምሩ 3,660 ብር። ለ13 ሲካፈል 282 የሚሸጥ እንቁላል። የሚበላሸውን ጨምረን 290 መለቀም አለበት። 290 ከ480 ዶሮ፣ 60 ከመቶ።

47 እንቁላል የተባለው 290 ሆነ። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

60 ከመቶ ለ400 ቀን አማካይ ነው እንግዲህ። ጥሩ ዝርያ፣ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎማን ብራውን፣ በደንብ ከተያዘ በ26ኛውና በ30ኛው ሳምንት አካባቢ ከ90 በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። የኩባንያውን መመሪያ የምታነቡ ሰዎች ግን ልብ በሉ፣ መመሪያው የተጻፈው ለተመጣጠነ መኖና ለ16 ሰዓት ብርሃን ነው። የእኛ አገር ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ አምፖል ያልጨመረ ሰው የመመሪያውን ቁጥር አይጠብቅ። እኔ ለጀማሪ በአማካይ 72 ከመቶ ብዬ ነው የማሰላው፣ እሱም ሥራውን ለሚከታተል ሰው። በ72 ከመቶ በቀን 335 የሚሸጥ እንቁላል አለ፣ 4,358 ብር። ወጪው ሲቀነስ 698 ይተርፋል፣ በወር 21,000 ብር ገደማ። ፕላኑ የጻፈው 130,500 ነበር።

«ታዲያ 21,000ም አይከፋም» የምትሉ ይኖራላችሁ። አይከፋም፣ እኔም አልከፋኝም። ነገር ግን በ21,000ው ውስጥ የባለቤቱ ደመወዝ የለም፣ የብድር ወለድም የለም። 400,000 ብር በዓመት በ18 ከመቶ ከተበደረ በመጀመሪያው ዓመት ለወለድ ብቻ በወር 6,000 ይሄዳል። የመጀመሪያው እንቁላል ከመለቀሙ በፊት ደግሞ ቤቱ፣ ቄቦቹ፣ የመጀመሪያው ወር መኖና ሌላ ወጪ ተደምረው ወደ 575,000 ብር ከኪስ ወጥቷል፤ ብድሩን መክፈል ግን በብዙ ቦታ ዶሮዋ መጣል እስክትጀምር አይጠብቅም። የመክፈያ ጊዜው መቼ እንደሚጀምር ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ፣ ምክንያቱም የተናደድኩበት ሁለተኛው ገጽ እዚያ ነው። «የገበያ ጥናት» በሚለው ርዕስ ሥር ስድስት መስመር ነው ያለው፦ የከተማው ሕዝብ ብዛት፣ ሕዝቡ እያደገ መሆኑ፣ የእንቁላል ፍላጎት ከፍተኛ መሆኑ፣ «ስለዚህ የገበያ ችግር አይኖርም»።

እኔ ልጁን የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «የሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ረቡዕ ቀን ያለህን 335 እንቁላል ማን ይገዛሃል?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

በዚህች አገር የእንቁላል ገበያ ጥናት በሕዝብ ቁጥር አይጀመርም፣ በባሕረ ሐሳብ ነው የሚጀመረው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ነሐሴ ከገባ 15 ቀን። የነቢያት ጾም እስከ ገና፣ የሐዋርያት ጾም በበዓሉ ልክ የሚረዝምና የሚያጥር፣ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ። ሁሉንም ሁሉ ሰው አይጾምም፣ እሱን አውቃለሁ፤ ግን ሁዳዴና ፍልሰታ ማንም ነጋዴ በዓይኑ የሚያያቸው ናቸው። ዶሮዋ አትጾምም። በየቀኑ ትጥላለች፣ እንቁላሉ ይከማቻል፣ ነጋዴው ይህን ያውቃል፣ ዋጋ ይሰብራል።

ምን ያህል ቢሰበር ነው የሚያሳስበው? ከላይ ያለውን ስሌት ውሰዱና ከ13 ወደ 11 አውርዱት። 335 እንቁላል በ11 ብር 3,687 ብር፣ ወጪው 3,660። በቀን 27 ብር ቀረ። ሁለት ብር ብቻ ናት ትርፉን ጠቅላላ የበላችው! ዋጋው 11 ሳለ የማይከሰርበት የመጣል መጠን ከ60 ወደ 71 ከመቶ ይወጣል። መኖ በ10 ከመቶ ቢጨምር ደግሞ በወር 7,800 ብር ገደማ ይወስዳል፣ ከትርፉ ከሦስት እጅ አንዱን የሚበልጥ። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ቢመጡ በየቀኑ 230 ብር እየከፈላችሁ ዶሮ ትቀልባላችሁ። ይህ ከሰማይ የወረደ መዓት አይደለም፣ በካላንደር ላይ የተጻፈ ነው።

ስለዚህ የገበያ ጥናት የሚባለው በእግር የሚሠራ ነገር ነው። ደብተር ይዞ መውጣት፣ በጾም ወቅት እንቁላል የሚገዛውን ሰው በስም መጻፍ፦ የቁርስ ቤቱ ስንት ትሪ፣ ሙስሊም ደንበኞች የሚበዙበት ሰፈር ያለው ባለሱቅ ስንት ትሪ፣ ኬክ ቤቱ በጾም ሥራውን በስንት ይቀንሳል፣ እንግዳ የሚያሳድረው ሆቴል በሳምንት ስንት። ከስሙ ጎን ሁለት ነገር፣ በስንት ይቀበላል፣ መቼ ይከፍላል። የመጨረሻውን ትንቁታላችሁ፤ በዱቤ ሁለት ሳምንት የሚይዝ ሆቴል 14 ቀን መኖ እናንተ እንድትቀልቡለት ነው የሚጠይቃችሁ፣ በእኛ ስሌት 36,000 ብር።

ካላንደሩ ግን ጠላት ብቻ አይደለም። ካወቅኸው ያገለግልሃል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ፣ የ2019 ደግሞ ሚያዝያ 24 ላይ ይውላል። (20 ቀን ተንሸራተተ፤ የዓምናውን ፕላን የገለበጠ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል።) የ16 ሳምንት ቄብ ሁዳዴ ሲገባ፣ በየካቲት 2018 ሁለተኛ ሳምንት ያስገባ ሰው፣ ያለ እንቁላል የሚያልፈው ወር እንቁላል በረከሰበት ጊዜ ያልፍለታል። መጣሉ በፋሲካ ዋዜማ ይጀምራል፣ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በሃምሳው ቀን ውስጥ ነው። 400 ቀን ጥለው ሲያበቁ ደግሞ 2019 ሚያዝያ ላይ ናቸው፣ የፋሲካ ዶሮ ገበያ ደጃፍ ላይ። ያንኑ መንጋ ሦስት ወር አስቀድሞ ያስገባ ሰው ከፍተኛውን ምርቱን ሁዳዴ ላይ ይዞ ይቀመጣል። የዶሮው ቁጥር፣ መኖው፣ ቤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ የተለየው የገባበት ቀን ብቻ ነው። ፕላኑ ላይ ግን «የሥራው መጀመሪያ፦ ብድሩ እንደተለቀቀ» ነው የሚለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። 60 ከመቶ የሚለው «ልጀምር ወይስ ልተወው» ለሚለው ጥያቄ ነው። ከጀመራችሁ በኋላ «እነዚህን ያረጁ ዶሮዎች ላቆይ ወይስ ልሽጥ» ስትሉ ሌላ ቁጥር ነው የሚያስፈልገው። ቤቱ ተሠርቷል፣ ኪራዩ ተከፍሏል፣ የዛሬ ጥያቄ የዛሬ መኖ ነው። 5.40 ለ13 ሲካፈል 42 ከመቶ ገደማ፤ እንቁላል 11 በሆነበት በሁዳዴ 49 ከመቶ። በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ዋዜማ መንጋችሁ 50 አካባቢ ከደረሰ፣ ቅበላ ላይ ለሚመጣው ገዢ ስጡት፣ ለፋሲካ አጠብቃለሁ ብላችሁ 55 ቀን አትቀልቡ፣ የፋሲካው ዋጋ የ55 ቀኑን መኖ ጉድለት እንደሚመልስ በእርሳስ ካላረጋገጣችሁ በቀር። ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ ደግሞ ቆዩ። ሌላ መንጋ ሊገባበት የተዘጋጀ ቤት ካላችሁ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፣ የያዘችው ቦታም ዋጋ አለውና።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። «መምህር ወጣቱን ተስፋ አስቆረጡ» የሚል አስተያየት ይኖራል። «ቢሾፍቱ ሂዱና እዩ፣ ስንቱ በዶሮ ሀብታም ሆኗል» የሚልም አይጠፋም። ሄጃለሁ፣ አይቻለሁ። ሀብታም የሆኑት መኖ ራሳቸው የሚያቀናብሩ ናቸው። በቆሎውን አዝመራ ሲገባ በርካሹ ገዝተው ያከማቻሉ፣ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ በመኪና ነው የሚያስመጡት፣ የእኛ ልጅ በ45 የሚገዛውን ኪሎ እነሱ ከዚያ በታች ያመጡታል። ከዋናው ወጪ ላይ ጥቂት ብር በኪሎ ማውረድ ማለት፣ ከላይ እንዳያችሁት፣ ትርፉን በብዙ ማሳደግ ነው። ዋጋውን የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። የ500 ዶሮ ባለቤት ዋጋ ተቀባይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሰምቶ ወጪ ለመቀነስ ፋጉሎውን ቀንሶ ፉርሽካውን አብዝቶ ራሱ ያቀናብራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ይነግረዋል፣ የመጣል መጠኑ ከ80 ወደ 65 ይወርዳል። በኪሎ አራት ብር አተረፈ፣ በዶሮ በቀን 48 ሳንቲም ማለት ነው፤ ያጣው እንቁላል ግን በዶሮ ወደ 2 ብር ነው።

ስለ ደብተሩ ካነሳሁ አይቀር፦ ሦስት ዓምድ ብቻ ይበቃል። በሕይወት ያሉ ዶሮዎች፣ የተለቀመ እንቁላል፣ የተበላ መኖ በኪሎ። በሦስት ቀን ውስጥ መጠኑ በአምስትና በስድስት ነጥብ ከወረደ ወደ መድኃኒት መደብር አትሩጡ። መጀመሪያ ውኃ እዩ፤ የተዘጋ መጠጫ፣ በፀሐይ የፈላ በርሜል። ቀጥሎ አዲስ የተከፈተ የመኖ ጆንያ ካለ እሱን፣ ከዚያ መብራት ጠፍቶ የከረመበትን ሌሊት። የመኖው ፍጆታ ራሱ ከወረደና ዶሮዎቹ ካኮረፉ ግን ያኔ ጊዜ አታጥፉ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ፣ ፈንግል ሊሆን ይችላል። በክትባት ቀን ስህተት 500 ዶሮ በሳምንት ሲያልቅ ማንም ብሬክ-ኢቭን አያነሳም።

ለብድር መኮንኖችም አንዲት ቃል አለችኝ፣ አንዳንዶቻችሁ ተማሪዎቼ ስለነበራችሁ። ፎርሙ ላይ «ብሬክ-ኢቭን» የሚል ሣጥን አለ፣ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ደስ ይላችኋል፣ ፋይሉ ቶሎ ያልፋል። 47 የሚል ቁጥር ስታዩ በ500 አካፍሉት። ከ10 ከመቶ በታች መጣ። ያኔ ፋይሉን መልሱት። ፕላን እየገለበጣችሁ በስም ብቻ እየለወጣችሁ የምትሸጡ ደግሞ፣ እናንተን አላስተማርኳችሁም ብዬ ላምልጥ ነበር፣ ግን አላውቅም፣ ምናልባት አስተምሬያችሁ ይሆናል።

ልጁ ሰኞ ፋይሉን አላስገባም። ደብተር ገዝቶ ወጣ። ከሁለት ቀን በፊት ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ የሁዳዴ ረቡዕ ገዢዎቹን ጻፍኳቸው።»

«ስንት ትሪ ሆነ?»

«ስድስት። እርግጠኛ የሆኑት ስድስት ናቸው።»

335 እንቁላል 11 ትሪ ነው። ስድስት ትሪ ማለት የ250 ዶሮ ገበያ ነው። «እሺ ታዲያ 250 ልጀምር» አለ፣ ደስ ብሎት። በስልክ ላይ አብረን ደመርነው። መኖና ዶሮ በግማሽ ወረዱ፣ ሠራተኛና ኪራይ ግን በግማሽ አይወርዱም። የቀን ወጪው 2,027 ብር ሆነ፣ የማይከሰርበት የመጣል መጠን ከ60 ወደ 67 ከመቶ ወጣ። በ72 ከመቶ በወር የሚተርፈው 4,500 ብር ነው። ሠራተኛውን ትቶ ራሱ ቢሠራ መጠኑ ወደ 61 ከመቶ ይመለሳል፣ በወር 9,500 ብር ይቀረዋል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ፣ እሑድ ሳይቀር።

«እናቴ ግቢ ብሠራውስ፣ ኪራዩ ቢቀር?» አለኝ።

4,000 ብር በወር። ከዚያ ጀምረን እንደገና እያሰላን ነው። የእናቱ ቤት በማስያዣነት ሳይሆን በግቢነት ፕላኑ ውስጥ ገብቷል። ጎረቤት ስለ ሽታው ምን ይላል የሚለውን ነገ ሊጠይቅ ሄዷል።